ሁለት ስንኞች ከ44 ቀለም ወደ 24 የወረዱበት መንገድ

ዜማው ቀድሞ ተሠርቶ ግጥሙ ከኋላ ሲጻፍለት የሚያስቸግረው የቃል እጥረት ሳይሆን የቃል ብዛት መሆኑን ያወቅሁት ደብረ ብርሃን ውስጥ ለአንዲት ወጣት ድምፃዊት የመለያየት ዘፈን በምጽፍበት ጊዜ ነበር። ዜማውን የሠሩት ከመንዝ የመጡ በዕድሜ የገፉ ማሲንቆ ተጫዋች ሲሆኑ፣ የግጥሙን ሥራ ለእኔ የሰጡኝ ግጥም በወረቀት ላይ እንደምጽፍ ስለሚያውቁ ነው። በወረቀት ላይ የሚነበብ ግጥም የራሱን ርዝመት ራሱ ይወስናል፤ የሚዘፈን ግጥም ግን ርዝመቱን ሌላ ሰው ወስኖ ይሰጠዋል። በዚህ ልዩነት ምክንያት ብዙ ምሽት ደክሜበታለሁና፣ በተመሳሳይ ሥራ ላይ ያላችሁ አንባብያን ሥራውን ከየት እንደምትጀምሩ ለማሳየት የሁለት ስንኞችን ጉዞ ከነዝርዝሩ አቀርባለሁ።

ዘፈኑ ስለ አንድ የደጋ ሰው ነው። የሚወዳት ሴት ወደ ቆላ ወርዳ ቀርታበታለች፤ እርሱም ሊፈልጋት ወጥቶ ጣርማ በር ላይ ጉም ይይዘዋል። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና የተጓዘ ሁሉ ያንን ጉም ያውቀዋል፤ ዋሻው አፍ ላይ ሲደርሱ ከፊት ያለው መኪና እንኳ የማይታይበት ጊዜ አለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ስንኞች መጀመሪያ ሲጻፉ እንዲህ ነበሩ፦

ከደብረ ብርሃን መጥቼ ጣርማ በር ላይ ስደርስ ጉም መንገዱን ሸፍኖ፣
ዓይኔ አንቺን ማየት ስላልቻለ ጆሮዬ ብቻ ዋለ ያንቺን ድምፅ ለምኖ።

በወረቀት ላይ ሲነበቡ ክፉ አይደሉም፤ ቤት ይመታሉ፣ ነገሩም ግልጽ ነው። በልምምዱ ላይ ግን ድምፃዊቷ የመጀመሪያውን ስንኝ ጀምራ «ጣርማ በር» ላይ ስትደርስ ዜማው አለቀባት። ሁለተኛ ስትሞክር ቃላቱን አጣድፋ አስገባቻቸው፤ በዚህ ጊዜ ደግሞ «ጣርማ በር ላይ ስደርስ» የሚለው ሐረግ «ጣምበላስደስ» ሆኖ ተሰማ። ማሲንቆ ተጫዋቹ ክራቸውን አቁመው «ልጄ፣ ይኼ እኮ በአንድ አህያ ላይ የሁለት አህያ ጭነት ነው» አሉኝ፤ እርሷም በትሕትና «ጋሼ፣ ትንሽ ቢያጥር» አለች። ሁለቱም ግጥሙ መጥፎ ነው አላሉም፤ ይህም ትክክል ነበር፣ ምክንያቱም ችግሩ የልክ እንጂ የሐሳብ አልነበረምና።

እንግዲህ በመጀመሪያ የሚያስፈልገው ልኩን ማወቅ ነው። ማሲንቆ ተጫዋቹን ያለ ቃል፣ በ«ላ» ብቻ፣ ዜማውን እንዲያንጎራጉሩልኝ ለመንኳቸውና በስልኬ ቀዳሁት። ከዚያም ቀስ ብዬ እየሰማሁ ለእያንዳንዱ «ላ» በወረቀት ላይ አንድ ጭረት አሰመርሁ። ለአንድ ስንኝ 12 ጭረት ወጣ፤ ከስድስተኛው በኋላ አጭር እረፍት ነበረው፤ የስንኙ የመጀመሪያው «ላ» ረዘም ያለ፣ የመጨረሻው ደግሞ ከሁሉም የረዘመና የሚጌጥ ነበር። ይህ ስድስት በስድስት የሆነ ልክ ብዙዎቻችን በጆሮ የምናውቀው የወል ቤት ነው። ዜማው አምስት በአምስት ቢሆን ሰንጎ መገን፣ አራት በአራት ቢሆን ደግሞ ቡሄ በሉ ቤት ይሆን ነበር። የቤቱን ስም ማወቅ የግድ አይደለም፤ ጭረቶቹን፣ የእረፍቱን ቦታና የረዘሙትን ድምፆች ማወቅ ግን የግድ ነው፤ ያለ እነርሱ የሚደረግ ማሳጠር በጨለማ ጨርቅ እንደመቁረጥ ይሆናል።

ቀጥሎ የሚመጣው የራስን ግጥም መቁጠር ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ ፊደል ይቆጥራልና። የሚቆጠረው ፊደል ሳይሆን ቀለም ነው፤ ቀለም ማለት ደግሞ አንድ አናባቢ ይዞ በአንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣ ድምፅ ነው። የአማርኛ ሳድስ ፊደል አንዳንድ ጊዜ ራሱን ችሎ ቀለም ይሆናል፣ አንዳንድ ጊዜ ግን ከፊቱ ያለውን ቀለም ይዘጋል እንጂ አይቆጠርም። «ስደርስ» የሚለውን ቃል ተመልከቱ፤ በፊደል አራት ነው፤ በአፍ ግን «ስ» እና «ደርስ» ብሎ ሁለት ብቻ ይሆናል። መጀመሪያ ያለው ስ ቀለም ነው፤ መጨረሻ ላይ ያለው ያው ስ ግን ቀለም አይደለም። «መንገድ» አራት ፊደልና ሁለት ቀለም፣ «ብርሃን» አራት ፊደልና ሁለት ቀለም፣ «ድምፅሽን» አምስት ፊደልና ሦስት ቀለም ናቸው። ስለዚህ ቃሉን ቀስ ብላችሁ እየተናገራችሁ አጨብጭቡ፤ እጃችሁ የመታውን ያህል ነው ቀለሙ።

በዚህ አቆጣጠር የመጀመሪያው ስንኝ 21 ቀለም፣ ሁለተኛው 23 ቀለም ሆነው ተገኙ። በድምሩ 44 ማለት ነው፤ ዜማው የሚችለው ግን 24 ብቻ ነበር። ትርፉ ይህን ያህል መሆኑ ሲታወቅ ሥራው መልኩን ይለውጣል። አንድ ሁለት ቀለም የተረፈ እንደሆነ ቃል ለቃል እየቀያየሩ ማስተካከል ይቻላል፤ ግማሽ የሚያህል ሲተርፍ ግን አንድ ሙሉ ሐሳብ መውጣት አለበት። ትንንሽ ቃላትን ከየቦታው እየነቀልሁ ያሳለፍኋቸው ምሽቶች ምንም ያልፈየዱት ለዚህ ነበር፤ «ብቻ»ን አወጣለሁ፣ «ላይ»ን አወጣለሁ፣ ስንኙ ግን ያው ረጅም እንደሆነ ይቀራል፤ ከዚያም በላይ ይንኮታኮታል።

ከየት ይወጣል ለሚለው ጥያቄ የአማርኛ አቀማመጥ ራሱ መልስ ይሰጣል። በአማርኛ ማሰሪያው ግስ የሚመጣው ከመጨረሻ ነው፤ ቤት የሚመታውም ብዙውን ጊዜ በእርሱ ነው። «ሸፍኖ» እና «ለምኖ» የተጣመሩት በስንኙ ጭራ ላይ ስለሆነ ጭራውን የነካ ሰው ቤቱን አፍርሶ እንደገና ሊጀምር ነው። ትርፉ የሚጠራቀመው ከፊት ነው፤ ከየት ተነሣሁ፣ መቼ ተነሣሁ፣ ለምን እንዲህ ሆንሁ የሚለው መንደርደሪያ ሁሉ የሚቀመጠው እዚያ ነውና። ስለዚህ ቤቱን የሚመቱትን ሁለት ቃላት አስምሩባቸውና እንዳይነኩ ወስኑ፤ ከዚያ ከስንኙ ራስ ጀምራችሁ «ይህ ባይኖር ሰሚው ምን ያጣል?» እያላችሁ ወደ ጭራው ውረዱ።

የመጀመሪያውን ስንኝ በዚህ ዐይን ስናየው «ከደብረ ብርሃን መጥቼ» የሚለው 8 ቀለም ይበላል። ጣርማ በር ላይ የደረሰ ሰው ከአንዱ አቅጣጫ መምጣቱ የታወቀ ነው፤ ለዚህ ዘፈን የሚያስፈልገው ጉሙ እንጂ መነሻው አይደለም። እርሱ ሲወጣ 13 ቀለም ይቀራል፦ «ጣርማ በር ላይ ስደርስ» 6፣ «ጉም መንገዱን ሸፍኖ» 7። የፊተኛው ሐረግ ያለ ምንም ድካም ልኩን አገኘ። የኋለኛው አንድ ቀለም ተርፎታል፤ ይህንን አንድ ቀለም ከ«መንገዱን» ላይ ማንሣት ይቻላል። «መንገዱን» ሦስት ቀለም ነው፤ «መንገድ» ሁለት። በተራ ንግግር «ጉም መንገድ ሸፍኖ» ቢባል ትንሽ የጎደለ ነገር እንዳለ ይሰማል፤ በግጥም ግን ይህ የተለመደ ነው፣ ሰሚውም የትኛው መንገድ ብሎ አይጠይቅም፣ ምክንያቱም ጣርማ በርን ሰምቷልና።

ሁለተኛው ስንኝ የበለጠ አስተማሪ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። «ዓይኔ አንቺን ማየት ስላልቻለ» 10 ቀለም ነው፣ ለጆሮው መዋል ምክንያት ሆኖ የገባ ማብራሪያ ነው። ነገር ግን ጉም መንገድ ሸፈነ ከተባለ በኋላ ዓይን ማየት አልቻለም ማለት ያንኑ ነገር ሁለተኛ መናገር ነው። እንደ እኔ እንደ እኔ፣ የሚንዛዛ ግጥም ትልቁ ምልክት ይህ «ስለ» ነው። ምስሉ አስቀድሞ የተናገረውን ምክንያት አድርጎ ይደግመዋል። ሐረጉ ሲወጣ ስንኙ ማጠሩ ብቻ ሳይሆን ጆሮው ከጉሙ ጋር በቀጥታ ይጋጠማል፤ ዓይን የሚለው ቃል ሳይነሣ ዓይን መጋረዱ ይታወቃል።

አሁን የቀረው «ጆሮዬ ብቻ ዋለ» 7 ቀለም፣ «ያንቺን ድምፅ ለምኖ» 6 ቀለም ነው። ከፊተኛው አንድ ቀለም ለማንሣት «ብቻ»ን ማውጣት ቀላሉ መንገድ ነበር፤ ግን እርሱ ሁለት ቀለም ስለሆነ ሐረጉ አምስት ሆኖ ይጎድላል። «ብቻ ዋለ» የሚሉት አራት ቀለሞች በሦስት መተካት ነበረባቸው፤ «ዋለልኝ» ልክ ሦስት ነው። ይህ «ልኝ» ባዶ ማሟያ ብቻ ቢሆን ኖሮ አልወደውም ነበር፤ ሆኖም ጆሮው ለባለቤቱ ሲል እንደዋለ ስለሚያሰማ ትርጉም ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ቀለም ለመሙላት ብቻ የሚገባ «ልኝ» ወይም «ኮ» ካጋጠማችሁ ግን ተጠራጠሩት፤ ለሰሚው ወዲያው ይታወቃልና።

በኋለኛው ሐረግ ላይ ያጋጠመኝን ደግሞ በተለይ ልብ በሉት። «ያንቺን ድምፅ» ከማለት «ድምፅሽን» ማለት እንደሚያጥር ማንም ያስባል፤ እኔም እንዲሁ አስቤ ነበር። ቢቆጠሩ ግን ሁለቱም ሦስት ሦስት ቀለም ናቸው። የባለቤትነት ቅጥያ ብዙ ጊዜ ያሳጥራል፤ «የኔ ቤት» ሦስት ሲሆን «ቤቴ» ሁለት ነው። በሳድስ ፊደላት የታጨቀ ቃል ላይ ሲቀጠል ግን አዲስ ቀለም ይፈጥራልና ትርፍ አይገኝበትም። ታዲያ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ምርጫው የአፍ ነው። «ድምፅ ለምኖ» ሲባል ም፣ ፅ እና ል ያለ አናባቢ ተገጣጥመው ምላስን ያስራሉ፤ ዜማው በዚያ ቦታ ፈጣን ነው። «ድምፅሽን ለምኖ» ግን ይንሸራተታል። በመጨረሻ የተገኘው ይህ ነው፦

ጣርማ በር ላይ ስደርስ ጉም መንገድ ሸፍኖ፣
ጆሮዬ ዋለልኝ ድምፅሽን ለምኖ።

ፊደል መቁጠር እንዴት እንደሚያሳስት ለማየት እነዚህን ሁለት ስንኞች ቁጠሯቸው፤ የመጀመሪያው 20 ፊደል፣ ሁለተኛው 15 ፊደል ነው። በወረቀት ላይ አንዱ ከሌላው በጣም ረዝሞ ይታያል፤ በአፍ ግን ሁለቱም እኩል 12 ቀለም ናቸው፣ ሁለቱም ከስድስተኛው ቀለም በኋላ ቃል ጨርሰው ያርፋሉ። ይህ የመጨረሻው ነገር ከቁጥሩ ያላነሰ ክብደት አለው። አሥራ ሁለት ቀለም ቢሞላም እንኳ ስድስተኛው ቀለም በአንድ ቃል መካከል ላይ ከዋለ ዘፋኙ ቃሉን ለሁለት ሰንጥቆ ይተነፍሳል። ከዚህ በፊት በሌላ ስንኝ ላይ «ጉሮሮዬ» ብዬ ስድስተኛውን ቀለም ከሞላሁ በኋላ «ላይ» ወደ ማዶኛው ሐረግ ተሻግሮ ነበር፤ ድምፃዊቷ «ጉሮሮዬ» ብላ አረፈች፣ ቀጥላ «ላይ» ብላ ጀመረች፤ ሰሚው «ላይ» ምን ላይ እንደሆነ ጠፋው። እንዲህ ያለውን ስንኝ ማሳጠር አይጠግነውም፤ ቃላቱን ማዘዋወር እንጂ።

ሁለተኛዎቹ ጥንድ ስንኞች የወጡት በቀላሉ ነበር። ረጅሙ ሐረግ «አንቺ ወደ ቆላ ወርደሽ እዚያው ስለቀረሽ» የሚል፣ 15 ቀለም ያለው ነበር። እዚህ ላይ ምንም ሐሳብ ማውጣት አላስፈለገም፤ ትርፉ በሙሉ የመጣው ግሱ የያዘውን ነገር በሌላ ቃል ደግሞ ከመናገር ነው። «አንቺ» በ«ወርደሽ» ውስጥ አለች፤ ሁለት ቀለም ወጣ። «ቆላ ወረደ» በአፋችን ያለ «ወደ» ይነገራል፤ ሁለት ቀለም ወጣ። «እዚያው» በ«ቀረሽ» ውስጥ ይሰማል፤ ሦስት ቀለም ወጣ። «ስለ»ም ሁለት ቀለም ይዞ ወጣ፣ ምክንያቱ ከሐረጎቹ መከታተል ይታወቃልና። ዘጠኝ ቀለም ሲነሣ ስድስት ይቀራል፦ «ቆላ ወርደሽ ቀረሽ»። ጥንዱም እንዲህ ሆነ፦

በርኖስ ደርቤ እንኳ በረደው ደረቴ፣
ቆላ ወርደሽ ቀረሽ የሌሊት እሳቴ።

አንባቢ የመጀመሪያውን ሐረግ ቢቆጥር ሰባት ሊመጣበት ይችላል፤ «ደርቤ» ሦስት፣ «እንኳ» ሁለት፣ «በርኖስ» ሁለት። ሲነገር ግን የ«እንኳ» እ ከፊቱ ባለው «ቤ» ውስጥ ትዋጣለች፣ «ደርቤንኳ» ይሆናል፤ ስለዚህ ስድስት ነው። በእ የሚጀምር ቃል በአናባቢ ካለቀ ቃል በኋላ ሲመጣ እንዲህ ያለ ነጻ ቀለም ይሰጣል፤ ይህን ካወቃችሁ በኋላ ግጥማችሁን እንደገና ብትቆጥሩ የተረፈ የመሰላችሁ አንዳንድ ስንኝ በልኩ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ማስጠንቀቂያው ግን በእረፍቱ ቦታ ላይ አይሠራም የሚል ነው፤ ዘፋኙ ተንፍሶ ሲጀምር እ ተመልሳ ትመጣለች።

በዚሁ ስንኝ ላይ ማሳጠር ከልኩ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ታይቷል። ቀለሙን በወረቀት ላይ ሰባት ብዬ ቆጥሬው ስለነበር «እንኳ»ን አውጥቼ «በርኖስ ደርቤ በረደው ደረቴ» አድርጌው ነበር። ድምፃዊቷ «ቤ»ን ጎተት አድርጋ ሞላችው፣ ዜማውም አልተጎዳም። ነገር ግን በርኖስ የለበሰ ሰው መብረዱ እንግዳ ነገር መሆኑ ጠፋ። የመንዝን በርኖስ የሚያውቅ ሰው የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እንኳ በቀላሉ እንደማያልፈው ያውቃል፤ ስንኙ የሚያሳዝነውም በዚህ ነው። ያንን የሚሸከመው «እንኳ» ብቻ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስንኞች «ብቻ» ወጥቶ ምንም ያልጎደለው ጉሙ ሥራውን ስለሠራለት ሲሆን፣ እዚህ ግን «እንኳ»ን የሚተካ ምንም ነገር አልነበረም። ስለዚህ ትንሽ ቃል ስለሆነ ብቻ አትንቀሉ፤ ያለ እርሱ ስንኙን ለሌላ ሰው አንብቡለትና ምን እንደተረዳ ጠይቁት።

ስለ መጥበቅና መላላት ጥቂት ካላልሁ ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል፤ ቁጥሩ ሁሉ ተስተካክሎም እንኳ ግጥም በዜማ ላይ ሊበላሽ የሚችልበት መንገድ ነውና። በአንድ ስንኝ መጀመሪያ ላይ «ይሰማል በሩቁ የማሲንቆው ዜማ» የሚል ነበረኝ። ቀለሙ ስድስት በስድስት ነው፣ እረፍቱም በቦታው ነው። ሲዘፈን ግን ከሰሚዎች አንዱ «ማነው የሚሰማው?» ብሎ ጠየቀ። «ይሰማል» ሰና መ ሲጠብቁ ለጆሮ ደረሰ ማለት ነው፤ ሲላሉ ደግሞ እርሱ ያዳምጣል ማለት ነው። በቀለም ቁጥር ሁለቱም ሦስት ስለሆኑ ማጨብጨብ ይህን አያሳይም። የዚህ ዜማ የመጀመሪያ ድምፅ ረጅም ስለሆነ ድምፃዊቷ «ይ»ን ስታስረዝመው የሚቀጥለው ሰ መጥበቁ ደበዘዘ፤ ረጅም አናባቢ ተከትሎት የሚመጣ ፊደል ሲጠብቅ በጆሮ ላይ በደንብ አይታወቅም። በዚያ ላይ «ይ» ሳድስ ስለሆነች ለማስረዘም የምትመች አይደለችም፤ የዘፋኝ አፍ እንደ አና ኦ ያለ ሰፊ አናባቢ ይወዳል። መፍትሔው አንድ ቀለም እንኳ አልጠየቀም፦ «በሩቁ ይሰማል የማሲንቆው ዜማ»። አሁን ረጅሙ ድምፅ «በ» ላይ ዋለ፣ «ይሰማል» ፈጣኖቹ ድምፆች ላይ ገብቶ እንደልቡ ጠበቀ፣ የስንኙም መጨረሻ እንደ ቀድሞው «ማ» ስለሆነ ጌጡን ለመሥራት ሰፊ አናባቢ አለ። ስለዚህ ግጥማችሁን በጭረቶቹ ሥር ጽፋችሁ ስትጨርሱ በረጅሞቹ ጭረቶች ሥር የትኛው ፊደል እንደዋለ ተመልከቱ፤ ሳድስ ካለ ወይም ወዲያው የሚጠብቅ ፊደል ከተከተለ ቃሉን አዛውሩት።

ግጥሙ ልኩን ማግኘቱን የሚፈትን ሰው ደራሲው ራሱ ሊሆን አይችልም። የጻፈው ሰው አፍ ትርፉን መዋጥ ለምዷል፤ ሃያ ቀለም ያለውን ስንኝ አሥራ ሁለት አስመስሎ ያንጎራጉረዋል። እኔ የማደርገው ግጥሙን ላላየ ሰው ወረቀቱን ሰጥቼ፣ የ«ላ»ውን ቅጂ አሰምቼ፣ ሳይለማመድ እንዲዘፍነው መጠየቅ ነው። የሚሰናከልበት ቦታ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ጉድለት ያለበት ቦታ ነው። ድምፁ ጥሩ መሆን አያስፈልገውም፤ እንዲያውም ድምፁ መጥፎ የሆነ ሰው ይሻላል፣ ጎበዝ ዘፋኝ ችግሩን በጌጥ ይሸፍነዋልና። ማሲንቆ ተጫዋቹ ደግሞ የራሳቸው መፈተኛ ነበራቸው፤ ሁለተኛ ሲዘፈን ክሩን ያዘገዩ እንደሆነ ግጥሙ ገና ትርፍ አለው ማለት ነው፤ «እኔ ሳላስበው እጄ ይጠብቃታል» ይሉ ነበር።

ዘፈኑ በጥር ሠርጎች ላይ መዘፈን ከጀመረ በኋላ አንድ ወዳጄ ግጥሙን ወዶ ለራሱ የሰንጎ መገን ዜማ እንዳሳጥርለት ጠየቀኝ፤ አምስት በአምስት ማለት ነው። ከእያንዳንዱ ሐረግ አንድ ቀለም ብቻ ስለሚቀነስ ቀላል መስሎኝ ነበር። ፊተኞቹ ሐረጎች በእርግጥም እሺ አሉ፤ «ላይ» ሲወጣ «ጣርማ በር ስደርስ» አምስት ነው፣ «ልኝ» ሲወጣም «ጆሮዬ ዋለ» አምስት ነው። ኋለኞቹ ግን አልተንቀሳቀሱም። ከ«ጉም መንገድ ሸፍኖ» ጉሙን ብናወጣ የሸፈነው ነገር ይጠፋል፤ መንገዱን ብናወጣ አራት ብቻ ይቀራል፤ «ሸፍኖ»ን ብንለውጥ ቤቱ ይፈርሳል። «ድምፅሽን ለምኖ» ደግሞ «ድምፅ ለምኖ» ቢባል በአንድ ጊዜ ወደ አራት ይወርዳል፣ የማን ድምፅ እንደሆነም አይታወቅም። እያንዳንዱ ቃል ሥራ ይዞ ሲገኝና አንዱን መንካት ሁሉንም ሲያናጋ፣ ስንኙ ሊያጥር የሚችለውን ያህል አጥሯል ማለት ነው። ለወዳጄም «ሸፍኖ»ና «ለምኖ»ን ትቶ ከሁለት ቀለም የማይበልጡ ሌሎች ቤት መምቻዎችን እንዲፈልግና ጉሙን ብቻ ይዞ ከእነርሱ እንዲነሣ ነገርሁት።